«አባትህማ አለ» - ከቁም ሳጥን አጠገብ የተቀዳ ድራማ

ያቺ በማኅበረሰባችን የራዲዮ ሰዓት የተላለፈችው የ9 ደቂቃ ድራማ ከተደመጠች ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም ሆነ ገበያ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «እናቲቱን የተጫወቱትን ሴትዮ የት ስቱዲዮ ወስዳችሁ ነው የቀዳችኋቸው?» ይሉኛል። የትም አልወሰድናቸውም። እርሳቸው ስቶክሆልም በመኝታ ቤታቸው፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ በኩሽናዬ ሆነን ነው የተሠራው። መሣሪያው የእጅ ስልካቸው፣ ስቱዲዮው ጋቢና ብርድ ልብስ ነበር። የሳምንቱን ዓምዴን ለዚሁ ጉዳይ ልስጠውና እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ላጫውታችሁ፤ የራሳችሁን ድራማ ወይም የልጆች ተረት ለመቅዳት የምታስቡ ትኖራላችሁና።

ድራማዋን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ከስደት አገር ወደ አዲስ አበባ ይደውላል። አባቱ ካረፉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። እንደ አገራችን ልማድ መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ እናት ልጃቸው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይደብቁታል። ወዳጆቹ ተሰብስበው በማለዳ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ መዋሸት አለባቸው። ልጁ «አባዬስ?» ሲል እናት «አባትህማ አለ፤ ሰላም በይልኝ አለ» ብለው ይመልሳሉ። የድራማዋ ሸክም በሙሉ ያረፈው በዚች አንዲት መስመር ላይ ነው።

እናቲቱን የተጫወቱት እትዬ (ስማቸው እንዳይጻፍ ስለፈለጉ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ) በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት የሠሩ፣ አሁን ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ማይክሮፎን ፊት ከቆሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው «በስልክ እያወሩ ንግግሩን መቅዳት ነዋ!» የሚለውን ነው። ይህ አይሆንም። በዋትስአፕም ሆነ በሌላ መንገድ ስንደዋወል መስመሩ ድምፃችንን እንዳለ አያደርሰውም፤ ጨምቆ፣ ቆራርጦ፣ አለስልሶ ነው የሚያሳልፈው። ጫጫታ የመሰለውን ሁሉ ያፍናል፤ ሹክሹክታና ትንፋሽ ደግሞ ለእርሱ ጫጫታ ናቸው። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ የአንዱን ዝቅ ያደርገዋል። ለወሬ ይበቃል፤ ለድራማ ግን ትንፋሹ የተበላ እናት ምን ያደርጋል? ስለዚህ መንገዱ ይህ ነው፦ የምንነጋገርበት ዕቃ ሌላ፣ የሚቀዳው ዕቃ ሌላ። እትዬ በአሮጌ ታብሌት ከእኔ ጋር ይነጋገራሉ፤ ስልካቸው ግን ከማንም ጋር ሳይገናኝ ፊታቸው ተቀምጦ ድምፃቸውን ብቻ ይቀዳል። ሲያበቃ የተቀዳውን ይልኩልኛል።

ታብሌቱ አልጋ ላይ ነው የተቀመጠው። ከእርሱ የሚወጣው የማዳመጫ ሽቦ በአንድ ጆሯቸው ብቻ ተሰክቷል። አንዱ ጆሮ የእኔን ድምፅ እንዲሰማ፣ ሌላው ደግሞ የራሳቸውን ድምፅ በተፈጥሮው እንዲሰማ ነው። ማዳመጫ ባይኖር ኖሮ የእኔ ድምፅ ከታብሌቱ ወጥቶ በስልኩ ይቀዳ ነበር። ሁለቱም ጆሮ ቢደፈን ደግሞ ሰው ራሱን ስለማይሰማ ሳያውቀው ይጮኻል።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ብርድ ልብስ የውጭ ጫጫታ አይከለክልም። መኪናውን፣ የጎረቤትን ቴሌቪዥን፣ ፎቅ ላይ የሚሯሯጠውን ሕፃን የሚያስቀር ብርድ ልብስ የለም። ሥራው ሌላ ነው፤ ከአፋችን ወጥቶ ግድግዳና መስተዋት መትቶ የሚመለሰውን ድምፅ ይውጣል። ያ የሚመለስ ድምፅ ነው ቀረጻን የመታጠቢያ ቤት የሚያስመስለው። ከጫጫታ የምንድነው በሌላ ነገር ነው፦ ክፍል በመምረጥ፣ ሰዓት በመምረጥና የሚጮኸውን ዕቃ በማጥፋት።

እትዬን መጀመሪያ ያዘዝኳቸው በየክፍሉ እየዞሩ አንድ አንድ ጊዜ እንዲያጨበጭቡ ነበር። «አንተ ልጅ፣ በዚህ እድሜዬ ብቻዬን ላጨብጭብ?» ብለው ሳቁ፤ ግን አደረጉት። ሳሎናቸው ውስጥ ከጭብጨባው በኋላ «ጭርር» የሚል ጭራ ቀረ። ያ ጭራ ባዶ ግድግዳና መስኮት ፊት ለፊት ሆነው ድምፁን ሲቀባበሉት የሚፈጠር ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ጭራው አጭር ሆነ፤ ፍራሽ፣ ምንጣፍና ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን አለና። ደግሞም መስኮቱ የሚያየው ወደ ግቢ እንጂ ወደ መንገድ አይደለም። መኝታ ቤቱን መረጥን።

አቀማመጡ እንዲህ ነበር። የቁም ሳጥኑን ሁለት በር ከፍተው፣ የክረምት ካፖርቶቻቸው ከነሙሉ ክብራቸው ተሰቅለው እያሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ፊት ለፊታቸው የልብስ ማስጫውን ዘርግተው ጋቢያቸውን አጥፈው ሰቀሉበት፤ በላዩም ወፍራም ብርድ ልብስ ደረቡ። ስልኩ በዚህ መካከል ነው የሚቀመጠው። አብዛኛው ሰው ከስልኩ ኋላ ብቻ ይጋርድና ከራሱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ይረሳል። የስልኩ ማይክሮፎን ግን ወደ ተናጋሪው ብቻ ሳይሆን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰማ፣ ከጀርባ ግድግዳ የሚመለሰውንም እኩል ይወስደዋል። ስለዚህ ካፖርቱ ከጋቢው አያንስም።

ሌላው ጨርቁን ግድግዳ ላይ አጣብቆ አለመስቀል ነው። በጨርቁና በግድግዳው መካከል የእጅ መዳፍ ስፋት ያህል፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ሲኖር፣ ያው ጨርቅ ይበልጥ ይውጣል። ስስ አንሶላ የ«ሰ»ን እና የ«ሸ»ን ፉጨት ብቻ ወስዶ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚተወው ክፍሉ የታፈነ ሣጥን ይመስላል። ጋቢ የተወደደው ድርብርብ በመሆኑ ነው።

ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርገው በአገጫቸው ትክክል አቆሙት። ማይክሮፎኑ ከታች፣ ቻርጀር በሚሰካበት አጠገብ ስለሆነ ያ ጫፍ ወደ አፋቸው ዞረ። ርቀቱ አንድ ስንዝር ነው። ርቀት ከብርድ ልብስ ሁሉ የበለጠ መድኃኒት ነው፤ ከሁለት ስንዝር ወደ አንድ ስንዝር ብትጠጉ ድምፃችሁ ማይክሮፎኑ ዘንድ በእጥፍ ሲበረታ፣ የክፍሉ ማሚቶ ግን ባለበት ይቀራል። ከስንዝር በታች ከወረዳችሁ ግን ትንፋሽ ይመታዋል፤ «ፍ» እና «ፕ» ያለበት ቃል ሁሉ «ቡፍ» ይላል። ለዚህም ስልኩን ፊት ለፊት ሳይሆን ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ነው፤ ትንፋሹ በአጠገቡ ያልፋል፣ ድምፁ ግን ይደርሳል።

ስልኩ ራሱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ በቀረጻ መካከል ማንም እንዳይደውል `Airplane Mode` ላይ ይደረጋል። ሁለተኛ፣ በአይፎን `Settings` ውስጥ `Apps` ከሚለው ሥር `Voice Memos` የሚለው ጋ ገብታችሁ `Audio Quality` ከሚለው ሥር `Compressed` የሚለውን ትታችሁ `Lossless` የሚለውን ምረጡ። የመጀመሪያው ድምፁን ጨምቆ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው እንዳለ ይይዘዋል። በሌሎች ስልኮች ደግሞ በ`WAV` መልክ የሚቀዳ ፕሮግራም ፈልጉ። ድምፅ አሳምራለሁ የሚል ቁልፍ ካለ አጥፉት፤ ማሳመር ኋላ ይደረሳል።

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ወደ ሥራው አልገባንም። 20 ሰከንድ ንግግር፣ 30 ሰከንድ ደግሞ ፍጹም ዝምታ ቀድተው እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው። «ዝምታ ምን ይደረግለታል?» አሉኝ። ዝምታው ነው ዋናው። በማዳመጫ ሳደምጠው ከሥር «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ አለ። እትዬ ምንም እንደማይሰማቸው ማሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የለመድነውን ድምፅ አንሰማውም። ፍሪጁ ነበር፤ በሁለት በር ማዶ ሆኖ ወለሉን ይዞ ይመጣል። አስነቀልናቸው። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚበላሽ ምግብ የለም። መልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ ደግሞ የቤት ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጡ፤ ጠዋት ቁልፉን ሳይፈልጉ ከቤት አይወጡምና።

ሁለተኛው ሙከራ ሲመጣ እዝታው የለም፤ ግን በየቃሉ መጨረሻ ትንሽ ማሚቶ ቀርቷል። እንደገና ካጨበጨቡ በኋላ ምንጩ ተገኘ፤ በጎን ያለው መስኮት ነው። የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሌላ ብርድ ልብስ ጣሉበትና ጠፋ። ከሩቅ የሚሰማ የመኪና ጉርምርምታ ግን ቀረ፤ ያንን ብርድ ልብስ አይችለውም። ስለዚህ ሰዓት ለወጥን፦ በእርሳቸው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት። የተረፈችውን ትንሽ ጉርምርምታ ኋላ ላይ በኮምፒውተር ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ቆርጬ አወጣኋት፤ የሴት ድምፅ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ የተነካ ነገር የለም። ያች የ30 ሰከንድ ዝምታ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት። ሁለት ዐረፍተ ነገር ስቀጥል በመካከል ባዶ ብተው ጆሮ ቀዳዳ ይሰማዋል፤ የዚያኑ ክፍል ዝምታ ስሞላበት ግን ማንም አያውቅም።

ወደ ትወናው እንሂድ። ከሩቅ ሆኖ ማዘጋጀት በአካል እንደመገኘት አይደለም። በመስመሩ ላይ የምሰማው ድምፅ የተጨመቀው ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ስለ ድምፅ ጥራት አልፈርድም፤ የማዳምጠው ትወናውን ብቻ ነው። እትዬ ሲናገሩ የእኔን ማይክሮፎን እዘጋለሁ። መስመሩ ስለሚዘገይም፣ ጨርሰዋል ብዬ ካሰብኩ በኋላ ሁለት ሰከንድ እቆያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምርጡ ትንፋሽ የሚመጣው በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እርሳቸው ራሳቸው «መስመር 14፣ 2ኛ ዙር» ብለው ይናገራሉ። ይህ ካልተደረገ ኋላ ወደ 40 የሚጠጋ መስመር በየሦስት ዙሩ ሲመጣ የቱ የቱ እንደሆነ ማን ይለየዋል?

«አባትህማ አለ፤ ሰላም በይልኝ አለ።» ይህን መስመር ያየ ሰው ሁለቱ «አለ» አንድ ይመስሉታል። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። የመጀመሪያው «አለ» ጠብቆ «በሕይወት ይኖራል» ነው፤ ሁለተኛው ላልቶ «ተናገረ» ነው። እትዬ በመጀመሪያው ዙር ሁለቱንም አላሉት፤ አባትየው በሕይወት መኖራቸው ቀረና ዐረፍተ ነገሩ ተሰነካከለ። በአካል ብንሆን በአንድ ዓይን ጥቅሻ የሚታረም ነው። ከሩቅ ግን አስቀድሞ ነው መሥራት ያለበት፦ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጌ ጽሑፉን እንደገና ላክሁላቸው። «ገና»፣ «ዋና»፣ «ይበላል» የመሳሰሉት ቃላት ባሉበት ሁሉ ይህ ያስፈልጋል። ወረቀቱንም በእጅ ከመያዝ ይልቅ ገጽ በገጽ ጋቢው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዙት፤ ወረቀት ሲገለጥ ይንኮሻኮሻልና።

ሁለተኛው ዙር ንባቡ ተስተካከለ፤ ግን እትዬ አለቀሱ። ድምፃቸው ተሰበረ። ያማረ ልቅሶ ነበር፤ ግን እናት እንዲህ ካለቀሰች ልጁ ወዲያው ያውቃል፤ ድራማውም እዚያው ያበቃል። ለተዋናይ «ሐዘኑን ቀንሱት» ማለት አይረዳም፤ ሰው ስሜትን እንደ ራዲዮ ቁልፍ አያዞርም። «እንዲህ በሉት» ብሎ ራስ ተናግሮ ማስቀዳትም የባሰ ነው፤ የሚመጣው የእኔ ዜማ በእርሳቸው ድምፅ ነው። የሚረዳው ሰውየዋ ምን ማድረግ እንደፈለጉ መንገር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ ልጅዎ ሌሊት ፈረቃ ሊገባ ነው። አሁን ካወቀ መኪና እየነዳ ብቻውን ነው። የሚፈልጉት ስልኩን በሰላም ዘግቶ ሥራው እንዲደርስ ነው።» 

መስመሩ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔንም እኮ እንዲሁ ነበር ያደረጉኝ» አሉ። «እናቴ ሞታ አንድ ወር ሙሉ እኅቴ ‹ተኝታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች› እያለች ስታሳልፈኝ ነበር። አንድም ቀን ድምጿ አልተሰበረም። ይልቅስ ትቸኩል ነበር።»

«እንደ እኅትዎ ያድርጉት» አልኳቸው።

ሦስተኛው ዙር በራዲዮ የሰማችሁት ነው። «አባትህማ አለ» ፈጠን ብሎ፣ ቀለል ብሎ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ወጣ። «ሰላም በይልኝ አለ» ከማለታቸው በፊት አንዲት አጭር ትንፋሽ አለች፤ የምትሰማው በስንዝር ርቀት ስለተቀዳች ብቻ ነው። በስልክ መስመር ቀድተነው ቢሆን ያችን ትንፋሽ ጫጫታ ብሎ ይበላት ነበር።

ያን ምሽት ከ50 ደቂቃ በኋላ አቆምን፤ የቀረውን በማግሥቱ ሠራን። ከአንድ ሰዓት በላይ የሠራ ድምፅ ይደክማል፤ ምላስም ይደርቅና በየቃሉ መካከል «ጭቅ» ይላል። ለዚያ ውኃና አንድ ቁራጭ ፖም ይረዳል። በማግሥቱ ሲጀምሩ ስልኩና ማስጫው ከነቦታቸው መሆን አለባቸው፤ ወለሉ ላይ የፕላስተር ምልክት አድርገውላቸው ነበር።

እትዬ የሚጮኹበት አንድ መስመርም ነበር። ጩኸት በስንዝር ርቀት ከተቀዳ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በምንም አይጠገንም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው ጮኹ፤ ተስማማ።

የተቀዳውን ሲልኩ በዋትስአፕ እንደ ድምፅ መልእክት አልላኩትም፤ እርሱም ይጨምቀዋል። `Document` በሚለው በኩል ነው የላኩት። ከእያንዳንዱ ምሽት በኋላ እኔ ከፍቼ እስካደምጠው ድረስም ከስልካቸው አልተሰረዘም።

በራዲዮ የሰማችሁት የልጁ ጆሮ ውስጥ የገባው የስልክ ድምፅ ደግሞ ኋላ የተሠራ ነው። የድሮ ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ስለነበር፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከዚያ በታችና በላይ ያለውን ቆረጥኩት። ልጁ ስልኩን ዘግቶ እናቲቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን መቁረጡን አነሣሁት፤ ድምፃቸው በድንገት ሙሉ ሆኖ ከእናንተው ክፍል የመጣ መሰለ። ንጹሕ የተቀዳን ድምፅ ስልክ ማስመሰል ይቻላል፤ በስልክ የተቀዳን ድምፅ ግን ንጹሕ ማድረግ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ አቀማመጥ ለእትዬ ድምፅ ሠራ ማለት ለሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። ልጁን የተጫወተው ወጣት ድምፁ ወፍራም ነው፤ በራሱ ቤት ትንሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ሲቀዳ ከበርሜል ውስጥ የሚናገር መሰለ። ወፍራም ድምፅ ጠባብ ቦታ ውስጥ ያገሳል፤ ብርድ ልብስም አያስታግሠውም። ከቁም ሳጥኑ አውጥተን ሰፋ ባለው መኝታ ቤት፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከኋላውና ከፊቱ ብርድ ልብስ ስንሰቅልለት ድምፁ ሰው ሆነ። ስለዚህ አጨብጭቡ፣ 20 ሰከንድ ቅዱ፣ 30 ሰከንድ ዝም በሉ፣ አድምጡ፤ ከዚያ ነው ጋቢው የት እንደሚሰቀል የሚታወቀው።

ለሳምንቱ በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።